ረቡዕ ሌሊት ወይስ ሐሙስ ንጋት? አንድ የኢንሹራንስ ቅጽ ጠረጴዛ ላይ የሚከርምበት ምክንያት

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የካሳ ፋይል በሚታይበት ክፍል ለዓመታት ተቀምጫለሁ። በሩን ከፍቶ የሚገባ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነው። «የእኔ ነገር ለምን ቆየ?» መልሱ ብዙ ጊዜ የሚያሳፍር ነው። ቅጹ ላይ የተጻፈው ቀን ከፖሊስ ሪፖርቱ ጋር አይገጥምም። ወይ የአደጋው ታሪክ ሁለት መስመር ብቻ ነው። ወይ ደግሞ የገንዘቡ መጠን ከየት እንደመጣ አይታወቅም። ማንም አልዋሸም፣ ማንም ሊያጭበረብር አልፈለገም። ፋይሉ ግን ተኝቷል።

አንድ የአይሱዙ ባለቤት የሞላውን ቅጽ ይዤ ነገሩን ላሳያችሁ። ሰውየውን ስሙን አልጠራም። ጋሼ ልበለው፣ እኔም የምጠራው እንደዚያ ነበር። እዚህ የምታዩት ስህተት ግን የእሱ ብቻ አይደለም። ከብዙ ቅጽ ላይ ያየሁትን ነው በአንዱ የሰበሰብኩት።

መኪናው በቆሎ ጭኖ ፍኖተ ሰላም አደረ። ሹፌሩ ሊነጋ ሲል ወደ ደብረ ማርቆስ ተነሳ። ሐምሌ ነው፣ ዝናቡ ሌሊቱን ሲወርድ አድሯል። ደምበጫ ሊደርስ ሲል ወደ ገበያ የሚሄዱ ጭነት የያዙ አህዮች ድንገት መንገዱ ላይ ወጡበት። እነሱን ለማዳን መሪውን ወደ ቀኝ አጠፈ። የቀኝ ጎማዎቹ ከአስፋልቱ ወጥተው ጭቃው ውስጥ ገቡ። መኪናው ተንሸራቶ ቦዩ ዳር ካለ የድልድይ ግንብ ጋር ተላተመ። ሰው አልተጎዳም፣ አህዮቹም ተርፈዋል። ፓራውልቱ፣ የቀኝ ፓራፋንጎው፣ ራዲያተሩና የጋቢናው ቀኝ በር ግን አልተረፉም። ካሶኔው ላይ ከነበረው በቆሎ ግማሹ ቦይ ውስጥ ፈሰሰ።

ጋሼ ቅጹን ሲያመጣ የአደጋው ቀን በሚለው ሳጥን ውስጥ እንዲህ የሚል ነበር፦ «2/11/2025፣ 11፡30»።

ይቺን አንድ መስመር ቀስ ብለን እንያት። ሦስት ስህተት ይዛለች።

የመጀመሪያው የዘመን አቆጣጠር ነው። ጋሼ ቀኑንና ወሩን ከእኛ ወሰደ፣ ሐምሌ 11ኛ ወር ነውና። ዓመቱን ግን ውሉ ላይ ካየው ከፈረንጆቹ ወሰደ። ውሉ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ቅጹም የፈረንጅ ቀን የሚፈልግ መስሎት ነው። ውጤቱ አስቂኝ ሆነ። ፋይሉን የሚከፍተው ሰው «2 ኖቬምበር 2025» ብሎ አነበበው። ቅጹ የገባው በጁላይ ነው። ገና ባልደረሰ ቀን የደረሰ አደጋ ማለት ነው። ይባስ ብሎ ውሉ የሚያበቃው 14 ኦገስት 2025፣ ማለትም ነሐሴ 8 ቀን 2017 ዓ.ም ነው። ስለዚህ በወረቀቱ ብቻ ከሄድን አደጋው የደረሰው ውሉ ካለቀ በኋላ ነው። እንዲህ ያለውን ፋይል ማንም ደፍሮ ወደፊት አይገፋም። «ቀኑን ያስተካክሉ» የሚል ደብዳቤ ይጻፋል። ደብዳቤው ደርሶ፣ ሰውየው መጥቶ፣ እንደገና ፈርሞ እስኪመለስ ሳምንታት ያልፋሉ።

ሁለተኛው ይበልጥ የእኛው ነው። ሹፌሩ ለጋሼ በስልክ የነገረው «ረቡዕ ሌሊት ነው» ብሎ ነበር። ልክ ነው፣ በእኛ አነጋገር የረቡዕ ሌሊት ሐሙስ እስኪነጋ ድረስ የረቡዕ ነው። ረቡዕ ሐምሌ 2 ነበር፣ ጋሼም 2 ብሎ ጻፈ። የደምበጫው ትራፊክ ግን ሪፖርቱ ላይ «ረቡዕ ለሐሙስ አጥቢያ፣ ሐምሌ 3 ቀን 2017 ዓ.ም» አለ። ሁለቱም ስለ አንድ ሰዓት ነው የሚያወሩት። ወረቀት ላይ ግን ሁለት ቀን ነው። ውሉ ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚሠራ ቀን የሚቀየረው በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ የሆነ ነገር ሁሉ የነገ ነው። «አጥቢያ» የምትለዋ ቃል ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ትፈታዋለች። የፖሊስ ሰዎች ያለ ምክንያት አይወዷትም። ቅጹ ላይ ብትጽፏት ማንም አይከለክላችሁም።

ሦስተኛው ሰዓቱ ነው። «11፡30» ብቻ ሲጻፍ ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል። ከንጋቱ 11፡30፣ ከቀኑ 11፡30፣ ወይም ደግሞ በፈረንጅ ሰዓት ረፋድ ላይ 11፡30፣ ማለትም በእኛ 5፡30። ይሄ ቀልድ አይደለም። ረፋድ ላይ ከሆነ «አህዮቹን እንዴት ከሩቅ አላያቸውም?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ሊነጋ ሲል ከሆነ ደግሞ ጨለማውና ዝናቡ ታሪኩን ይደግፉታል።

የተስተካከለው እንዲህ ነበር፦ «ረቡዕ ለሐሙስ አጥቢያ፣ ሐምሌ 3 ቀን 2017 ዓ.ም፣ ከንጋቱ 11፡30 ገደማ (በፈረንጆች 10 ጁላይ 2025፣ ጠዋት 5፡30)»። ረዘመች አይደል? ሳጥኑ ቢጠብም ጎን ላይ ጻፉት። ወሩን በቁጥር ሳይሆን በስሙ መጻፍ ብቻውን ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ጣጣ ያስቀራል። ሐምሌን ማንም ኖቬምበር ብሎ አያነበውም።

ቀን ላይ ሳለን አንድ ነገር ልጨምር። ሰው ሁሉ የአደጋውን ቀን እንጂ ሌሎቹን አያስብም። ቅጹ ግን ቢያንስ ሌላ ሁለት ቀን ይጠይቃል፦ ለፖሊስ ያመለከታችሁበትንና ለኢንሹራንሱ ያሳወቃችሁበትን። ውሉ «ወዲያውኑ አሳውቅ» ወይም «በዚህን ያህል ቀን ውስጥ» ይላል። የእናንተው ውል የሚለውን አንብቡ። ጋሼ አደጋውን የሰማው ሐሙስ ማታ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ኔትወርክ አልነበረም። ዓርብ መንገዱ ስላላስኬደው ቅዳሜ ቦታው ደረሰ። ለኢንሹራንሱ ያመለከተው ሰኞ ሐምሌ 7 ነው። እንግዲህ ከሐሙስ እስከ ሰኞ ክፍተት አለ። ጋሼ ይህን ለመሸፋፈን ብሎ «ያወቅኩት ሰኞ ነው» ሊል ቃጥቶት ነበር። ሹፌሩ ግን ለፖሊስ «ለባለቤቱ ሐሙስ ማታ ደውያለሁ» ብሎ ቃሉን ሰጥቷል። ቢጽፈው ኖሮ የዘገየ ሰው ሳይሆን የዋሸ ሰው ይሆን ነበር። ሁለቱ ደግሞ አንድ አይደሉም። «ሐሙስ ማታ ሰማሁ፣ በስልክና በመንገድ ችግር እስከ ሰኞ ማሳወቅ አልቻልኩም» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር በቂ ነበረች። በዚህ ሁለት ሦስት ዓመት ጎጃም ውስጥ ስልክና መንገድ እንዴት እንደከረመ ፋይል የሚያየውም ሰው ያውቃል። እሱም እዚሁ ነው የሚኖረው።

አሁን ወደ ታሪኩ። የአደጋው ሁኔታ በሚለው ቦታ ጋሼ የጻፈው ይህን ነበር፦

«ተሽከርካሪው በጉዞ ላይ እያለ ባለው የፀጥታ ችግር ምክንያት በፍጥነት እየተጓዘ ሳለ ፍሬን እምቢ ብሎት ከፍተኛ ጉዳት የደረሰበት ስለሆነ ተገቢው ካሳ እንዲከፈለኝ ስል በትህትና አመለክታለሁ።»

የማመልከቻ አማርኛ ነው፣ ሁላችንም ተምረነዋል። ችግሩ ግን ሁለት ፈንጂ ይዟል። ጋሼ አንዱንም አላወቀም።

አንደኛው «ፍሬን እምቢ ብሎት» ነው። በእኛ አገር አደጋ ሲደርስ ይህ ሰላምታ ሆኗል። ሹፌሩ ፍሬን ረግጦ መኪናው ጭቃ ላይ ስለተንሸራተተ «እምቢ አለኝ» ብሎ ተናገረ። ልክ እንደዚሁ ሲጻፍ ግን ሌላ ትርጉም ይይዛል። የተለመደው የተሽከርካሪ ውል የማሽን ብልሽትንና በአገልግሎት ብዛት ማለቅን አይሸፍንም። ባለቤቱም መኪናውን በደህና ሁኔታ እንዲይዝ ግዴታ ያስገባዋል። ስለዚህ «ፍሬን» የሚል ቃል ሲታይ ፋይሉ ወደ ቴክኒክ ምርመራ ይሄዳል። የፍሬኑ ሸራ ይፈታል፣ መቼ እንደተቀየረ ይጠየቃል፣ የመጨረሻው ሰርቪስ ደረሰኝ ይፈለጋል። የጋሼ መኪና ፍሬን ምንም አልሆነም ነበር። ይህን ለማረጋገጥ ብቻ ግን ሁለት ሳምንት ሄደ። ፍሬኑ እውነት በጥሶ ከሆነማ መጻፍ ግድ ነው። ካልሆነ ግን «ፍሬን ያዘ፣ መንገዱ እርጥብ ስለነበር ተንሸራተተ» በሉ።

ሁለተኛው «በፀጥታ ችግር ምክንያት» ነው። ጋሼ ሹፌሩ ለምን ሳይነጋ እንደተነሳ ማስረዳቱ ነበር። ከመንገድ መዘጋት ለመቅደም ብሎ ነው። ይህ እውነት ነው፣ ግን የግጭቱ ምክንያት አይደለም። የግጭቱ ምክንያት አህያ ነው። ተራው የተሽከርካሪ ውል ጦርነትን፣ ብጥብጥንና የመሳሰለውን ከሽፋኑ ያወጣል። ያን የሚሸፍነው ተጨማሪ ተከፍሎበት የሚገባ፣ የፖለቲካ ሁከትና ሽብር የሚባል ሌላ ሽፋን ነው። ጋሼ አልገዛውም። ስለዚህ ያቺ ሐረግ ፋይሉን ከቅርንጫፉ አንስታ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ላከችው። «ጉዳቱ ከግጭት ጋር ይያያዛል ወይስ አይያያዝም?» የሚል ጥያቄ ተነሳ። የተተኮሰ ጥይት የለም፣ የተዘጋ መንገድ የለም፣ ያስቆመው ሰው የለም። ፖሊስ ዘንድ ተመልሶ ይህን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ማምጣት ነበረበት።

ልብ በሉ፣ ደብቁ እያልኩ አይደለም። መኪናው በጥይት ተመትቶ ከሆነ ወይም ተኩስ ሸሽቶ ከሆነ የተገለበጠው፣ ያው ይጻፋል። አውቆ ሐሰት መናገር ውሉን ራሱን ሊያፈርስ ይችላል። እኔ የምለው አደጋውን ያመጣውንና በአካባቢው የነበረውን ነገር አታደበላልቁ ነው። አካባቢያችን ውስጥ ብዙ ነገር አለ። የመኪናውን አፍንጫ የሰበረው ግን ግንቡ ነው።

አንድ የሚረሳ ነገርም አለ። ጋሼ በቦታው አልነበረም። ቅጹ ላይ ግን እንዳየ ሰው ጻፈ። ጉዳት መርማሪው (ሰርቬየር የምንለው) ሹፌሩን ለብቻው ሲያነጋግር ታሪኩ ትንሽ ለየት አለ፣ ይህም አያስገርምም። ባለቤቱ መጀመሪያ «ሹፌሩ እንደነገረኝ» ብሎ ቢጀምር ልዩነቱ የማንም ጥፋት አይሆንም ነበር። ደግሞ ሹፌሩ ራሱ ቢጽፍና ቢፈርም ከሁሉ ይሻላል።

እንደገና ሲጻፍ እንዲህ ሆነ፦

«ይህን የምጽፈው ሹፌሩ በነገረኝ መሠረት ነው፤ በቦታው አልነበርኩም። ተሽከርካሪው 40 ኩንታል በቆሎ ጭኖ ከፍኖተ ሰላም ወደ ደብረ ማርቆስ ይጓዝ ነበር። ጋቢና ውስጥ ሹፌሩና ረዳቱ ብቻ ነበሩ። ደምበጫ ከተማ ከመግባቱ በፊት ጭነት የያዙ አህዮች ከግራ በኩል ወደ መንገዱ ገቡ። ገና ጨለማ ነበር፣ ይዘንብ ነበር። ሹፌሩ ፍሬን ይዞ መሪውን ወደ ቀኝ አዞረ። የቀኝ ጎማዎቹ ከአስፋልት ወጥተው ጭቃ ላይ ተንሸራተቱ፤ የመኪናው የቀኝ ፊት ክፍል ከድልድዩ ግንብ ጋር ተጋጨ። በሰው ላይ ጉዳት አልደረሰም። ሹፌሩ ከንጋቱ በኋላ 2፡30 ላይ ለደምበጫ ፖሊስ አመለከተ። መኪናው ሳይነሳ ፎቶ ተነስቷል።»

ይቺ ጽሑፍ አታለቅስም፣ አትለምንምም። ጥፋተኛ ማን እንደሆነም አትናገርም። ይህ የመጨረሻው ሆን ተብሎ ነው። ሌላ ሰው ተጎድቶ ቢሆን ኖሮ «ጥፋቱ የእኛ ነው» ብሎ መጻፍ ኢንሹራንሱ ሳያውቅ ኃላፊነት መቀበል ይሆናል። ውሎች ደግሞ ይህን ይከለክላሉ። የጭነቱን ክብደትና የሰዎቹን ቁጥር ያስገባነው ስለሚጠየቅ ነው። የጭነት መኪና ላይ ከሊብሬው በላይ ተጭኖ ነበር ወይ፣ ሰው ተሳፍሮ ነበር ወይ የሚለው ጥያቄ አይቀርም። ሳይጠየቅ የመለሰ ሰው ሁለተኛ ደብዳቤ አይጻፍበትም።

ገንዘቡ ላይ ስንመጣ ጋሼ የጠየቀው 620,000 ብር ነበር። እንዴት እንደመጣ ስጠይቀው ሳቀ። «ኧረ መቀነሳቸው አይቀርም ብዬ ነው» አለኝ። ይህን ምክር ያልሰማ ሰው ጎጃም ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ቅጹ ላይ ያለው ቁጥር ግን የገበያ ክርክር መነሻ አይደለም። መርማሪው መኪናውን አይቶ የተጎዳውን ዕቃ አንድ በአንድ ይዘረዝራል፣ ክፍያውም በዚያ ዝርዝርና በጋራዥ ፕሮፎርማ ነው የሚሠራው። የጨመራችሁት ገንዘብ አይከፈላችሁም። የሚያተርፈው ነገር ቢኖር ጥርጣሬና ተጨማሪ ምርመራ ነው።

620,000ው ሲፈታ ውስጡ ሦስት የተለያየ ነገር ነበር። ጥገናው አለ። የፈሰሰው በቆሎ አለ። መኪናው በቆመበት ጊዜ ያልተሠራው ሥራ አለ። ሁለተኛው በተሽከርካሪ ውል አይሸፈንም፣ ጭነት የራሱ የሆነ የጉዞ ላይ ዕቃ ኢንሹራንስ አለው። ሦስተኛውም በተለመደው ውል ውስጥ የለም። አንድ ላይ ሲደመሩ ግን የትኛው የቱ እንደሆነ ስለማይታወቅ ሦስቱም ይቆማሉ።

ጥገናው ብቻውን ሲወጣ መለዋወጫው 252,000፣ የእጅ ዋጋው 18,000፣ በድምሩ 270,000 ብር ሆነ። 15 በመቶ ቫት ሲጨመር 310,500። ከቫት በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለውን ያልጻፈ ፕሮፎርማ ተመልሶ ይመጣል። ቀን የሌለው ፕሮፎርማም እንደዚያው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የምንዛሪ ገበያው ከተለቀቀ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ በአንድ ቦታ አልቆመም። ከወር በፊት የተጻፈ የራዲያተር ዋጋ ይዞ ጋራዡ ራሱ አይሠራላችሁም።

ያ ሐምሌ 22 ለጋሼ ሌላም ጣጣ አምጥቶበታል። ውሉን ያሳደሰው ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ከምናምን ቆይቶ፣ ነሐሴ 9 ቀን 2016 ነው። የመኪናውን ዋጋ ግን በድሮው 1,800,000 ብር ላይ ተወው። አረቦኑ እንዳይጨምርበት ነው። አደጋው ሲደርስ ግን የዚህ ዓይነት መኪና በገበያ 2,400,000 ብር ያወጣ ነበር። ማለትም መኪናውን ሦስት አራተኛ ብቻ አስገብቶታል። ጉዳቱም በዚያው ልክ ይሰላል። የ310,500 ሦስት አራተኛ 232,875 ነው። ከዚያ ላይ በውሉ መሠረት እሱ የሚሸከመው ኤክሰስ 10,000 ብር ሲቀነስ 222,875 ብር ይቀራል። ቀሪውን 87,625 ብር ከኪሱ ነው የሚያወጣው።

ጋሼ ይህን ስነግረው በጣም ተናደደ። በዚህ ላይ ያለጥፋቱ እንደተቀጣ ነው የተሰማው። እኔ ግን ቅጹ ላይ «የመኪናው የአሁን ዋጋ» የሚለውን ሳጥን ባዶ መተዉ ነው የበለጠ ያቆየው እላለሁ። ባዶ ስለተወው መርማሪው ራሱ ገበያ አጥንቶ ዋጋ አመጣ፣ ጋሼ በዋጋው አልተስማማም፣ ክርክሩ ሌላ ወር በላ። ከመጀመሪያው ቢያንስ ሁለት ተመሳሳይ መኪና የተሸጠበትን ዋጋ ይዞ ቢመጣ ይሄ ክርክር ቀን አይፈጅም ነበር።

ጊዜው ሲረዝም ሰው «ተዉት፣ ፍርድ ቤት እንሄዳለን» ይላል። መሄድ ይቻላል። ግን ከ1952 ዓ.ም ጀምሮ ያለው የንግድ ሕግ ከኢንሹራንስ ውል የሚነሳ ጥያቄን በሁለት ዓመት ይርጋ ያግደዋል። የጋሼ ፋይል ያን ያህል አልደረሰም። ከአራት ወር በኋላ ተከፈለው።

ፋይሉ ገና ጠረጴዛ ላይ እያለ ነሐሴ 8 ደረሰና ውሉን ሊያሳድስ መጣ። መስኮቱ ጋ ቆሞ ቅጹን ገለበጠና የዋጋው ሳጥን ላይ ሲደርስ ጎኑ የቆመውን ደላላ ጠየቀው፦ «የእኔን መኪና ዛሬ ብትሸጥልኝ ስንት ታወጣለች?»